በሣጥኑ ላይ የተጻፈው 85፦ የልጆች ገመድ አልባ ማዳመጫ የድምፅ ጣሪያና የሳምንቱ ሂሳብ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬውን ንግግሬን የምጀምረው ከላቦራቶሪ ሳይሆን ሰቆጣ ከሚገኘው የእኅቴ ቤት ነው። ባለፈው የእረፍት ጊዜ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ዋግ ኽምራ ሄጄ ነበር። የእኅቴ ልጅ አሥር ዓመቱ ነው። ማታ ማታ ከስልክ ላይ የተጫኑ ትምህርቶችን፣ ተረቶችንና ዘፈኖችን በገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። ማዳመጫውን ከአዲስ አበባ የላከለት ዘመድ ነው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ስጠራው አልሰማኝም፤ ከማዳመጫው የሚወጣው ዘፈን ግን ለእኔ ይሰማኝ ነበር።

እኅቴን «ይኼ ነገር አልበዛም?» አልኳት። «ጋሼ፣ ለልጅ ተብሎ የተሠራ እኮ ነው፤ ሣጥኑ ላይ 85 ይላል፣ ከዚያ በላይ አይጮኽም» አለችኝ። ልጁ ደግሞ ማዳመጫውን አውልቆ «አጎቴ፣ ትንሽ ብቻ ነው የጨመርኩት» አለ።

ሁለቱም ቅን መልሶች ናቸው፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል። የዛሬው ንግግሬ ስሕተቱ የት ላይ እንዳለ ለማሳየት፣ ከዚያም ጣሪያው በትክክል እንዴት እንደሚወሰን ለማስረዳት ነው። ልናገር የፈለግሁት ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ በሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር የድምፁን ከፍታ ይነግረን ይሆናል፤ ደኅንነቱን ግን አይነግረንም። ደኅንነት የሚለካው ከፍታውና ሰዓቱ አንድ ላይ ሲታሰቡ ነው።

85 ከወዴት መጣ?

ይህ ቁጥር የተወለደው በልጆች ክፍል ውስጥ አይደለም፤ በፋብሪካ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ሰነድ፣ አንድ ሠራተኛ በቀን ለስምንት ሰዓት ሊጋለጥበት የሚገባው የድምፅ መጠን ከ85 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ስሌቱ የቆመው ሰውየው አዋቂ ነው፣ በሳምንት አምስት ቀን ይሠራል፣ ከሥራ ሲወጣም ጆሮው ጸጥታ አግኝቶ ያርፋል በሚል ግምት ላይ ነው።

ከዚህም በላይ ያው ሰነድ 85 ዴሲቤል ምንም ጉዳት የማያደርስ መጠን ነው አላለም። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ መጠን የሠሩ ሰዎችን ብንወስድ፣ በድምፁ ምክንያት ብቻ ከመቶው ስምንት ያህሉ የመስማት ጉዳት ይደርስባቸዋል ብሎ ገምቷል። ስለዚህ 85 ለሥራ ዓለም ሲባል የተደረሰበት የመቻቻል ድንበር ነው። ይህ ቁጥር ወደ ልጆች ማዳመጫ ሣጥን ሲሻገር ግን ከሥሩ የነበረው «በቀን ስምንት ሰዓት፣ ለአዋቂ» የሚለው ሐረግ ወድቆ ቀረ።

ለማዳመጫዎች የተዘጋጀው መመዘኛ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የጋራ መመዘኛ፣ ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል፣ ለልጅ ደግሞ በሳምንት 40 ሰዓት በ75 ዴሲቤል የሚል የሳምንት ድርሻ ተቀምጧል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ለልጅ የተሰጠው መጠን በሣጥኑ ላይ ከተጻፈው በ10 ዴሲቤል ያንሳል። ሁለተኛ፣ መለኪያው ቅጽበት ሳይሆን ሳምንት ነው።

«ትንሽ ብቻ» ምን ያህል ነው?

ዴሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር የሚደመር መለኪያ አይደለም። በ3 ዴሲቤል ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ጆሮ የሚገባው ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ በ10 ዴሲቤል ከፍ ሲል ደግሞ አሥር እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሣጥኑ ላይ በተጻፈው 85 እና ለልጅ በተመደበው 75 መካከል ያለው ልዩነት የአሥር እጥፍ ልዩነት ነው። አስቸጋሪው ነገር ጆሯችን ይህን በዚያው ልክ አለመገንዘቡ ነው። የ3 ዴሲቤል ጭማሪ ለሰሚው «ትንሽ ከፍ አለ» ከሚል ስሜት አያልፍም። የእኅቴ ልጅ አልዋሸም፤ የተሰማው ትንሽ ነው፤ የገባው ግን እጥፍ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሂሳብ ቀላል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በ75 ዴሲቤል 40 ሰዓት ከሆነ፣ በ78 ወደ 20 ሰዓት ይወርዳል፤ በ81 አሥር ሰዓት፣ በ84 አምስት ሰዓት፣ በ87 ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ለአንድ ሙሉ ሳምንት ነው። ለማስላት ለምትፈልጉ ተማሪዎች ቀመሩ የሚከተለው ነው፤ L የድምፁ መጠን በዴሲቤል፣ T ደግሞ በሳምንት የተፈቀደው ሰዓት ነው።

```
T = 40 / 2^((L - 75) / 3)
```

በሰቆጣ የተደረገው ልኬት

በሚቀጥለው ጉዞዬ ከትምህርት ክፍላችን የድምፅ መጠን መለኪያ ይዤ ሄድሁ። ወፍራም ካርቶን በማዳመጫው ኩባያ ልክ ቆርጬ መካከሉን በመለኪያው ማይክሮፎን ልክ በሳሁት። ማይክሮፎኑን በቀዳዳው አስገብቼ፣ ማዳመጫውን ካርቶኑ ላይ አየር እንዳያስወጣ አድርጌ ገጠምሁት። ከዚያ ልጁ የሚወደውን ዘፈን ደጋግሜ ከፍቼ አማካዩን አነበብሁ። የስልኩ ድምፅ መጨመሪያ 15 እርከን ነበረው።

በመጨረሻው እርከን 93 ዴሲቤል አነበብሁ። ልጁ ማታ ማታ በሚሰማበት በ12ኛው እርከን 87 ሆነ። በ8ኛው እርከን 75 ሆነ። በካርቶን የሚደረግ ልኬት ከእውነተኛ ጆሮ ጋር ፍጹም እንደማይገጥም እናንተም ታውቃላችሁ፤ የ5 ዴሲቤል ያህል ስሕተት ሊኖረው ይችላል ብዬ እወስዳለሁ። የ5 ዴሲቤል ስሕተት ደግሞ የተፈቀደውን ሰዓት ከሦስት እጥፍ በላይ ሊያዛባው ይችላል። ስለዚህ ልኬቱን የምጠቀምበት የድምፁን ደረጃ ለመለየት እንጂ የመጨረሻ ፍርድ ለመስጠት አይደለም፤ ጣሪያ ሲወሰንም ሁልጊዜ ወደ ታች ማድላት ይገባል።

አሁን የልጁን ሳምንት እንቁጠር። በአምስት የትምህርት ቀናት ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በድምሩ 10 ሰዓት በ87 ዴሲቤል ይሰማል። በዚህ መጠን የሳምንቱ ድርሻው ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ የድርሻውን አራት እጥፍ ይወስዳል፤ የሰኞና የማክሰኞ ምሽት ብቻ ከሳምንቱ ድርሻ አልፎ ይሄዳል። ያው 10 ሰዓት በ75 ዴሲቤል ቢሆን ኖሮ የወሰደው የድርሻውን ሩብ ብቻ ነበር። አንድ ደቂቃ እንኳ ከማዳመጫ ጊዜው ሳይቀነስበት ማለት ነው። እኅቴ «ከነጭራሹ ልቀማው?» ብላ ነበር፤ ሂሳቡ ግን የሚለው አራት እርከን ዝቅ ማድረግ ይበቃል ነው።

«ሣጥኑ 85 እያለ 93 እንዴት ሊወጣ ቻለ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አምራቹ የሚለካው በተወሰነ የመፈተኛ ድምፅ ነው፤ በጣም ጮኽ ተደርጎ የተቀናበረ ዘፈን ከመፈተኛው ድምፅ በላይ ሊወጣ ይችላል። ከዚህም ሌላ በሣጥኑ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ሁሉም ምርት አያከብረውም። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ዋስትና ሳይሆን እንደ አምራቹ ቃል ብቻ መውሰድ ይሻላል።

ጣሪያው የት ላይ ይቀመጥ?

እዚህ ላይ በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። በመጀመሪያው ምሽት የስልኩን የድምፅ ጣሪያ 8ኛው እርከን ላይ ቆለፍሁና ረክቼ ተኛሁ። በማግሥቱ ማታ ልጁ ከማዳመጫው ጎን ያለውን የመደመር ምልክት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጫን ድምፁ እንደ ቀድሞው ከፍ አለ። እኔ ከስልኩ ጋር ስታገል በሌላው በር አለፈ።

ምክንያቱ የብሉቱዝ አሠራር ውስጥ ይገኛል። ገመድ ባለው ማዳመጫ ድምፁን የሚያጎላው ስልኩ ብቻ ነው። በገመድ አልባው ግን ማጉያው ማዳመጫው ውስጥ ነው። ስልኩና ማዳመጫው ከተግባቡ ስልኩ ከ0 እስከ 127 የሆነ ቁጥር ይልካል፤ ማዳመጫውም በዚያ ልክ ያጎላል፤ ሁለቱ ቁልፎች እንደ አንድ ይሆናሉ። ካልተግባቡ፣ ወይም በስልኩ ላይ `Disable absolute volume` የሚለው በርቶ ከሆነ፣ ሁለት የተለያዩ መጨመሪያዎች ይኖራሉ። ያኔ በስልኩ ላይ የተቆለፈው ጣሪያ ግማሹን በር ብቻ ነው የሚዘጋው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መሠረታዊ ነው። መጀመሪያ በማዳመጫው ላይ ያለውን መጨመሪያ እስከ መጨረሻው ድረስ ከፍ አድርጉ፤ ማዳመጫው ከራስ ላይ ወልቆ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ ከስልኩ እየቀነሳችሁ ተገቢውን ደረጃ ፈልጉና ጣሪያውን እዚያ ላይ ቆልፉ። እንዲህ ከሆነ ልጁ በማዳመጫው ላይ የቱንም ያህል ቢጫን የሚጨምረው ነገር አይኖርም። በመጨረሻም ራሳችሁ በልጁ ምትክ ሆናችሁ ቁልፉን ሁሉ በመጫን ፈትኑት።

በሳምሰንግ ስልኮች መንገዱ `Settings > Sounds and vibration > Volume` ነው፤ በላይኛው ጥግ ካሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ `Media volume limit` ይገኛል፤ ልጁ እንዳይለውጠውም የምስጢር ቁጥር ይቀበላል። በአይፎን `Settings > Sounds & Haptics > Headphone Safety` ውስጥ በዴሲቤል የሚወሰን ጣሪያ አለ፤ ዝቅተኛው 75 ነው። ነገር ግን አይፎን የማያውቀውን የሌላ አምራች ማዳመጫ ዴሲቤል የሚያሰላው በግምት መሆኑን አትርሱ። የቃላቱ አጻጻፍ እንደ ስልኩ ሥሪት ሊለያይ ይችላል።

ሁለት ተጨማሪ ክፍተቶች ይቀራሉ። ጣሪያው የሚኖረው በስልኩ ውስጥ እንጂ በማዳመጫው ውስጥ አይደለም፤ ልጁ ማዳመጫውን ከታላቅ እኅቱ ስልክ ጋር ካገናኘው ጣሪያው የለም። ማዳመጫው የገመድ ቀዳዳ ካለው ደግሞ በገመድ ሲሠራ መጠኑ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው መፈተሽ አለበት።

መለኪያ የሌለው ቤት

የድምፅ መለኪያ በየቤቱ እንደማይገኝ አውቃለሁ። እንዲያ ቢሆንም የደጋው ምሽት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጸጥታው። የሰቆጣ ቤት ማታ መኪናውና ወፍጮው ዝም ካለ በኋላ እጅግ ጸጥ ይላል። በዚህ ሰዓት አዋቂው ማዳመጫውን ራሱ ያድርግ። ትረካ ወይም የትምህርት ንባብ ይክፈት፤ ድምፁን እስከ ዜሮ ዝቅ አድርጎ ቀስ በቀስ ይጨምር፤ እያንዳንዱ ቃል ያለ ጥረት የሚሰማበት እርከን ላይ ሲደርስ አንድ እርከን ይጨምርና በዚያ ይቆልፍ። በእኅቴ ቤት ይህን ሳደርግ የደረስሁት 7ኛው እርከን ላይ ነው፤ መለኪያው ከሰጠኝ በአንድ እርከን ያነሰ ነው። ሁለቱ መንገዶች መቀራረባቸው አስደስቶኛል።

ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን ጸጥታ ባለበት ብቻ ነው። ልጁ ያንን ማዳመጫ አድርጎ ከሰቆጣ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ቢሳፈር፣ የሞተሩ ጩኸት በቤት የተቆለፈውን ድምፅ ይውጠዋል። ያኔ ወላጅ ራርቶ ቁልፉን ይከፍታል፤ ልጁም እስከ መጨረሻው ይጨምራል። በ93 ዴሲቤል የሳምንቱ ድርሻ 37 ደቂቃ ተኩል ነው። አምስት ሰዓት እንዲህ ቢሰማ የስምንት ሳምንት ድርሻውን በአንድ ጉዞ ጨረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ቁልፉን ለጉዞ ብሎ መክፈት የሌላውን ጊዜ ጥንቃቄ ሁሉ ያፈርሰዋል። የውጭ ድምፅ የሚያፍን ማዳመጫ የሞተር ዓይነቱን ወፍራም ጩኸት ስለሚቀንስ ይረዳል፤ እርሱ ከሌለ በአውቶቡስ ላይ ማዳመጫው በቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

ጉዳቱ ለምን አይታይም?

በውስጥ ጆሯችን ውስጥ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ በአንድ ጆሮ 15 ሺህ ያህል ናቸው። በሰው ልጅ ከሞቱ አይተኩም። ከመጠን ያለፈ ድምፅ መጀመሪያ የሚጎዳው ቀጭን ድምፆችን የሚቀበለውን ክፍል ነው፤ በምርመራ ገበታ ላይ በ4 ሺህ ኸርትዝ አካባቢ እንደ ሸለቆ ዝቅ ብሎ ይታያል። የሰው ንግግር ወፍራሙ ክፍል ግን ከዚህ በታች ስለሆነ ልጁ ሲጠሩት ይሰማል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። የሚጠፋበት ቀስ በቀስ የ«ሰ»፣ የ«ሸ»፣ የ«ፈ»፣ የ«ጸ» ጥራት ነው።

ይህ በዋግ ለብዙ ልጆች የተለየ ክብደት አለው። ቤት ውስጥ ኽምጠኛ የሚናገር ልጅ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ይማራል። በአፍ መፍቻ ቋንቋችን የጎደለውን ፊደል ከዐውዱ እንሞላዋለን፤ በሁለተኛ ቋንቋ ግን መሙላት የምንችለው ያነሰ ነው። ስለዚህ ያው የመስማት ጉድለት በእርሱ ላይ በክፍል ውስጥ ጎልቶ ይወጣል፤ መምህሩም ሰነፍ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል።

«ጆሮው ቢጮኽበትም በማግሥቱ ይተወዋል» የሚል መጽናኛም እሰማለሁ። ኩጃዋና ሊበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የመስማት ልኬቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው ከተመለሰ በኋላ እንኳ በሕዋሳቱና በነርቩ መካከል ያሉት መገናኛዎች በከፊል ጠፍተው ተገኝተዋል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ሆኖም «ተወኝ» ማለት «አልተጎዳሁም» ማለት እንዳልሆነ ለማሳየት በቂ ነው።

ስለዚህ ወላጅም መምህርም የሚከታተላቸው ምልክቶች ግልጽ ናቸው። ልጁ ማዳመጫውን ካወለቀ በኋላ ጆሮው ጭው ይልበታል ወይም የታፈነ ይመስለዋል፤ ሳያውቀው ጮኽ ብሎ ያወራል፤ ትናንት የበቃው እርከን ዛሬ አልበቃ ይለዋል። የመጨረሻው ምልክት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአገራችን ብዙ ልጆች ከጆሮ መግል ጋር ይኖራሉ፤ መሐል ጆሮው የታመመ ልጅ ድምፅ የሚጨምረው ስለማይሰማ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ጣሪያ ቆልፎበት ዝም ማለት በሽታውን መደበቅ ነው፤ ጆሮው ከሚፈስ ልጅ ማዳመጫውን ማውለቅና ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይቀድማል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከባድ መሣሪያ በቅርብ የሰሙ ልጆችም በአካባቢው አሉ፤ ለእነርሱም ምርመራው ከጣሪያው በፊት ይምጣ።

በመጨረሻ የንግግሬን ወሰን ልናገር። በሳምንት 40 ሰዓት በ75 ዴሲቤል የሚለው ለልጆች በጥንቃቄ የተቀመጠ ድርሻ እንጂ ከበታቹ ጤና፣ ከበላዩ ድንቁርና ያለበት ግድግዳ አይደለም። ሂሳቡም የሚቆጥረው በማዳመጫው የገባውን ብቻ ነው፤ የወፍጮ ቤቱም የአውቶቡሱም ጩኸት በዚያው ጆሮ ላይ ይደመራል።

ከሰቆጣ ከመመለሴ በፊት ጣሪያው 7ኛው እርከን ላይ ተቆልፎ፣ የማዳመጫው መጨመሪያ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ ነበር። ልጁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምሽቶች «አይሰማም» ብሎ አኮረፈ። በአራተኛው ምሽት ከኋላው ሆኜ በተለመደው ድምፄ ስሜን ሳልናገር ጠራሁት። ማዳመጫውን እንዳደረገ ዞር ብሎ «አቤት አጎቴ» አለኝ።